የዘርዓ ያዕቆብ ሙግት በጥቁር ሰሌዳ ላይ

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን በስም የሚያውቀው ብዙ ነው። ያነበበው ግን ጥቂት ነው፤ በውስጡ ያለውን ሙግት ቁጭ ብሎ ደረጃ በደረጃ የቆጠረው ደግሞ ከጥቂቱም ያንሳል። ስለ መጽሐፉ ክርክር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የደራሲው ማንነት ነው፤ አለዚያም ከዴካርት ጋር ማን ማንን ይመስላል የሚለው ነው። የሎጂክ ተማሪዎቼ ጋር ስንሆን እነዚህን ጥያቄዎች ለጊዜው በር ላይ ትተናቸው እንገባለንና ከመጽሐፉ መጀመሪያ ገደማ አንድ ገጽ የማይሞላ ክፍል እናወጣለን። ሥራችንም ደራሲው ምን እንደ ደመደመ፣ ከምን ተነስቶ እንደ ደመደመና የትኛው እርከን ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ማሳየት ነው።

ላላነበበ ሰው መቼቱን ልናገር። ሐተታው ራሱ እንደሚተርከው ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 እ.ኤ.አ. አክሱም አጠገብ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ዜማ ጀምሮ ድምፁ አልሆነለትም፤ ወደ ሰዋስውና ቅኔ ዞረ፤ ከዚያም ትርጓሜ መጻሕፍት ተማረ፤ በኋላም አስተማሪ ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ በሃይማኖት ሲታመስ ጠላት ከሰሰው፤ ጥቂት ወርቁንና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። ተከዜ አጠገብ በአንድ ሸለቆ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ያህል እዚያው ተቀመጠ። በዋሻው ውስጥ ዳዊት ይደግማል፤ ይጸልያል። አንድ ቀን ግን ሐሳቡ ተያዘ፤ ለማን ነው የምጸልየው? የሚሰማኝስ አለ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ጥያቄው ኀዘን ውስጥ ጣለው። ሙግቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ክፍሉ በአጭሩ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ዳዊት ጆሮን የሠራው አይሰማም ወይ ብሎ የጠየቀው ቃል ትዝ ይለዋል። ከዚያ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ጆሮ የሰጠኝ፣ አስተዋይ አድርጎ የፈጠረኝ ማን ነው? ከየትስ መጣሁ? ራሴን በገዛ እጄ ፈጠርኩ እንዳልል፣ ከመፈጠሬ በፊት አልነበርኩም። አባትና እናቴ ፈጠሩኝ ብል ደግሞ የእነርሱን ፈጣሪ፣ የወላጆቻቸውንም ፈጣሪ መፈለግ ይኖርብኛል። እንዲህ እያልኩ ስሄድ እንደ እኛ ሳይወለዱ በሌላ መንገድ ወደ ዓለም የመጡ የመጀመሪያዎቹ ላይ እደርሳለሁ። እነርሱንም ከምንም ያመጣቸው፣ ራሱ ያልተፈጠረ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ሊሆን ይገባዋል። ይህ ፈጣሪ እኛን አስተዋይና ተናጋሪ አድርጎ ከሠራን እርሱ ያለ ማስተዋል ሊሆን አይችልም፤ ከማስተዋሉ ብዛት ነው ለእኛም የሰጠን። በመጨረሻም ዘርዓ ያዕቆብ ጸሎቱ እንደሚሰማ አምኖ ደስ ብሎት፣ ተስፋ አድርጎ ይጸልያል።

እንግዲህ ተማሪው የመጀመሪያ ሥራው ድምዳሜውን ማግኘት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግማሹ ክፍል የሚሳሳተው ግን እዚሁ ነው። ወረቀቶቹን ስሰበስብ ብዙዎቹ ላይ "ድምዳሜ፦ ፈጣሪ አለ" የሚል አገኛለሁ። ይህ የመንገዱ አጋማሽ ነው። ደራሲው ዋሻ ውስጥ ሆኖ የጠየቀው ፈጣሪ አለ ወይ ብሎ ብቻ አይደለም፤ የሚሰማኝ አለ ወይ ብሎ ነው። ጥያቄው ይህ ከሆነ መልሱ "አዎ፣ ይሰማል" እንጂ "አለ" ብቻ ሊሆን አይችልም። ድምዳሜውን "ፈጣሪ አለ" ብሎ ያቆመ ተማሪ ስለ ማስተዋልና ንግግር የሚናገረውን የመጨረሻ ክፍል እንደ ጌጥ ቆጥሮ ይጥለዋል። የሙግቱ ከባድ ሸክም ያለው ግን እዚያው በጣለው ክፍል ላይ ነው፤ ኋላ እንደርስበታለን።

ቀጥሎ ከሙግቱ ውስጥ ያልሆነውን መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ሴሚስተር የግቢ ጉባኤ አገልጋይ የሆነ አንድ ዲያቆን ተማሪ እጁን አውጥቶ "መምህር፣ ይህ እኮ ከዳዊት የተወሰደ ጥቅስ ነው። በቅዱስ መጽሐፍ ካረጋገጠ ሙግት ሳይሆን ስብከት ነው" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጥርጣሬ አንድ ፈተና አለን፤ ጥርጣሬ የወደቀበትን ዓረፍተ ነገር በጣት ሸፍኖ የቀረውን ማንበብ ነው። የዳዊትን ቃል ብንሸፍነው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሳይጎድል ይቆማል፤ ዳዊት እንዲህ ስላለ እውነት ነው የሚል ቦታ የለም። ቃሉ ሐሳቡን ቀሰቀሰው እንጂ መነሻ አልሆነውም። ኀዘኑም፣ ደስታውም፣ ዋሻውም እንደዚሁ ናቸው። የሙግቱን ታሪክ ይነግሩናል፤ ሙግቱን ግን አይሸከሙም።

ሦስተኛው ሥራ አድካሚው ነው፤ እያንዳንዱን እርከን በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ደራሲው ሳይናገር የረገጠውንም መነሻ ማውጣት። ከብዙ ስርዝ ድልዝ በኋላ ሰሌዳው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ይህን ይመስላል፦

1. እኔ አለሁ፤ መኖሬም መጀመሪያ አለው።
2. መጀመሪያ ያለው ሁሉ ወደ መኖር ያመጣው አለ፤ ያመጣውም ራሱ ሊሆን አይችልም።
3. እኔን ወላጆቼ አመጡኝ፤ እነርሱም ወላጆቻቸውም መጀመሪያ አላቸው።
4. (ያልተነገረ) ይህ የወላጆች ሰንሰለት ወደ ኋላ ያለ ማለቂያ ሊሄድ አይችልም።
5. ስለዚህ ከወላጅ ያልተወለዱ የመጀመሪያዎች ነበሩ።
6. እነርሱን ከምንም ወደ መኖር ያመጣ፣ ራሱ መጀመሪያ የሌለው አንድ ፈጣሪ አለ።
7. ማስተዋላችን ከእርሱ የተሰጠን ነው።
8. (በከፊል የተነገረ) ሰጪ የሌለውን አይሰጥም።
9. ስለዚህ ፈጣሪ ያስተውላል።
10. ስለዚህ ስጸልይ ይሰማኛል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። "ተፈጠርኩ"፣ "ፍጡር" የሚሉት ቃላት በአንደኛውና በሁለተኛው እርከን ላይ የሉም። ሆን ብለን ነው ያወጣናቸው። ሐተታው ውስጥ አንድ ቦታ እኛ ፈጣሪዎች ሳንሆን ፍጡራን ነን፤ ስለዚህ ፈጣሪ አለ የሚል መንፈስ ያለው አነጋገር አለ። "ፍጡር" ማለት "ፈጣሪ የሠራው" ማለት ከሆነ ግን ድምዳሜውን ገና በመነሻው ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ ፈጣሪ የለም የሚል ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ፍጡር ነኝ ብሎ አይቀበልም። አንድ ተቺ ይህን ይዞ ሙግቱ ክብ ነው፣ ተነስቶ እዚያው ይመለሳል ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ነገር ግን ቃሉን "መጀመሪያ ያለው" በሚለው ብንተካው ሙግቱ ከክቡ ይወጣል፤ እኔ መጀመሪያ አለኝ የሚለውን አማኙም የማያምነውም ይቀበለዋልና። ጽሑፉ ራሱ ይህን ትርጓሜ ይደግፋል፤ ከመፈጠሬ በፊት አልነበርኩም ማለቱ ስለ መጀመሪያ ማውራት ነው። የሌላውን ሙግት ስንተረጉም ከሁለት ንባብ ጠንካራውን መምረጥ አለብን፤ ይህን የምናደርገው ለደራሲው አዝነን አይደለም። ደካማውን ስሪት የጣለ ተቺ ነገ ጠንካራው ሲመጣበት የሚለው ስለሚያጣ ነው።

አሁን ወደ ትችቱ እንግባ። ተማሪው እንዲተች የሚፈቀድለት የቆጠረውን እርከን በቁጥር ጠርቶ ብቻ ነው። "አላሳመነኝም" ወይም "ሃይማኖት በሎጂክ አይለካም" የሚል አስተያየት ቁጥር ስለሌለው ወረቀቱ ይመለስለታል። የሚገርመው ነገር፣ ቁጥር ጥራ ሲባል ሁሉም መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ አራተኛው ነው።

አራተኛው እርከን በእርግጥ ክፍት በር ነው። ደራሲው ወላጅ፣ የወላጅ ወላጅ እያለ ወደ ኋላ ይሄድና የመጀመሪያዎቹ ላይ እደርሳለሁ ይላል፤ ለምን መድረስ ግድ እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። አባት አባት እየወለደ ያለ መጀመሪያ ሲመጣ ኖሮ ቢሆንስ? አርስጣጣሊስ የሰው ልጅ ትውልድ መጀመሪያ የለውም ብሎ ያስብ ነበር። ይህን መቃወሚያ የሚያነሣው የማያምን ሰው ብቻ እንዳይመስለን። ቶማስ አኩዊናስ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው የካቶሊክ ሊቅ፣ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በእምነት ያምናል። ሆኖም በሱማ ቴዎሎጂካ ውስጥ መጀመሪያ እንዳላት በፍልስፍና ማረጋገጥ አይቻልም፤ ሰው ከሰው ያለ ማለቂያ ሲወለድ መኖሩም በራሱ የማይሆን ነገር አይደለም ብሎ ጽፏል። ምክንያቱም አያቴ ዛሬ ባይኖርም አባቴ እኔን ሊወልድ ይችላል፤ የሰንሰለቱ የኋላ ቀለበት የፊተኛውን አሁን አይሸከመውም። እንግዲህ ፈጣሪ አለ የሚል፣ ለፈጣሪ መኖርም የራሱን ማስረጃ ያቀረበ ሊቅ ይህን እርከን አይረግጥም ማለት ነው።

ሙግቱ ታዲያ በዚህ ይወድቃል? ብዙ ተማሪ እዚህ እስክርቢቶውን ያስቀምጣል። ሥራው ግን አላለቀም፤ አራተኛው ቢወጣ የቀረው ሊጠገን ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። ሌይብኒዝ በ1697 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ውስጥ የሚረዳን ምሳሌ አለ። አንድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ከቀደመው ቅጂ፣ ያም ከቀደመው፣ ያ ደግሞ ከሌላው ያለ መጀመሪያ ሲገለበጥ ኖሯል እንበል። እያንዳንዱ ቅጂ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን፤ ለምን ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጭራሹኑ እንዳለ፣ ለምንስ በውስጡ ያ ትምህርት እንደ ተጻፈ ከቅጂዎቹ መካከል አንዱም አይነግረንም። የወላጆችም ሰንሰለት እንደዚያው ነው። ያለ መጀመሪያ ቢሆንም እንኳ ጠቅላላ ሰንሰለቱ ለምን አለ የሚል ጥያቄ ይቀራል፤ ስለዚህ መልሱን ከሰንሰለቱ ውጭ መፈለግ ይቻላል። ይህ ጥገና አራተኛውንና አምስተኛውን አውጥቶ ስድስተኛውን በሌላ መንገድ ያቆማል። ጥገናው ግን የሌይብኒዝ እንጂ የዘርዓ ያዕቆብ አይደለም፤ ተማሪው ወረቀቱ ላይ ይህን በግልጽ መጻፍ አለበት። ጥገናውን በደራሲው አፍ የከተተ ሰው ጽሑፉን አልተረጎመም፣ የራሱን ጽፏል። ጥገናውም ቢሆን የራሱ ዕዳ አለበት፤ እያንዳንዱ ቀለበት ምክንያት ካለው በላዩ ላይ ለጠቅላላውም ሌላ ምክንያት ለምን ያስፈልጋል የሚል ይነሣበታል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ስድስተኛው ላይ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ሎጂክ የወደደ ተማሪ ሲያገኘው ፊቱ ያበራል። ጽሑፉ በብዙ ቁጥር ስለ መጀመሪያዎቹ ሲናገር ቆይቶ ድንገት በነጠላ ስለ አንድ ፈጣሪ መናገር ይጀምራል። እያንዳንዱ ልጅ እናት አለው ማለት ልጆች ሁሉ አንዲት እናት አላቸው ማለት አይደለም፤ እንደዚሁ እያንዳንዱ መጀመሪያ ያለው ነገር ምክንያት አለው ከሚለው ሁሉም አንድ ምክንያት አላቸው ወደሚለው በቀጥታ መዝለል አይቻልም። ቀዳዳው እውነተኛ ነው። ሆኖም ለዚህ ሙግት ገዳይ አይመስለኝም። ደራሲው የጠየቀውን እናስታውስ፤ የሚሰማኝ አለ ወይ ነው። ፈጣሪው አንድ ይሁን ብዙ ያ ጥያቄ አልተነካም፤ የሚያስተውልና የሚሰማ መኖሩ በቂው ነው። አንድነቱን የሚፈልገው በሌላ ምዕራፍ ለሌላ ጥያቄ ነው። አንድን ስሕተት ማግኘትና ሙግቱን መጣል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተማሪ የሚማረው በዚህ እርከን ነው፤ ይህን ቀዳዳ ያገኘም ቀዳዳው የቱን ድምዳሜ እንደሚያፈስ ካልነገረኝ ሙሉ ነጥብ አልሰጠውም።

እውነተኛው ፍልሚያ ስምንተኛው ላይ ነው። ሰጪ የሌለውን አይሰጥም። አባባሉ ጆሮ ላይ ሲወድቅ እውነት እውነት ይሸታል፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ብር አይሰጥም። ዴካርትም በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ መርሕ ተጠቅሟል፤ በምክንያቱ ውስጥ ያለው ቢያንስ በውጤቱ ውስጥ ያለውን ያህል መሆን አለበት ይላል። እስኪ በሁለት መንገድ እንፈትነው።

አንደኛው ፈተና ተቃራኒ ምሳሌ መፈለግ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጀበናውን እሳት ውስጥ ስትከተው እሳቱ ያጠነክረዋል፤ እሳቱ ግን ጠንካራ አይደለም። የሌለውን ጥንካሬ ሰጠ። እንግዲህ መርሑ ለሁሉም ነገር አይሠራም። የመርሑ ተከላካይ ደግሞ ዝም አይልም፤ እሳት ጥንካሬ አልሰጠም፣ ጭቃው ውስጥ የነበረውን አቅም ወደ ተግባር አወጣው እንጂ ይላል፤ ፈጣሪ ግን ከምንም ነው የሚሠራው፣ ቀድሞ የነበረ ጭቃ ስለሌለው ያለው ሁሉ ከእርሱ ነው። መልሱ ብልህ ነው። ግን ስድስተኛው እርከን ላይ ያለውን "ከምንም" የሚለውን ቃል ተመርኩዞ ነው የቆመው፤ ያ ቃል ደግሞ በሙግቱ ውስጥ ተነገረ እንጂ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ተቺው ጥያቄውን ወደዚያ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ፈተና መርሑ ከሚገባው በላይ ያረጋግጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ፈጣሪ ማስተዋል ስለ ሰጠን ያስተውላል ካልን፣ ጥርስም ሰጥቶናል። ረኀብም፣ እንቅልፍም፣ ሞትም አለን። እነዚህ ሁሉ ከእርሱ ከሆኑ እርሱም ጥርስ አለው፤ ይራባል ልንል ነው? ዘርዓ ያዕቆብ ይህን ፈጽሞ አይልም። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ መርሑን ማጥበብ ነው፤ ሰጪ የማያጣው መልካም የሆኑትን፣ እንደ ማስተዋል ያሉትን ብቻ ነው ማለት። ደራሲው ከማስተዋሉ ብዛት ሰጠን ሲል ይህን ያሰበ ይመስላል፤ ያለው ሞልቶ ሲፈስ ነው ሥዕሉ። ያኔ ግን የትኛው መልካም የትኛው ጉድለት እንደ ሆነ የሚለይ ሌላ መነሻ ያስፈልጋል፤ ያም መነሻ በገጹ ላይ የለም።

ዛሬ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ይጨመራል። ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ ማስተዋል ከማያስተውል ነገር ቀስ በቀስ ሊመጣ ይችላል የሚል ዝርዝር ያለው ሐሳብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ይህን ሐሳብ መቀበል አያስፈልግም፤ ሊሆን ይችላል ማለት ብቻ ይበቃል፤ ስምንተኛው "አይሰጥም" የሚል ቃል ስላለው አንድ "ይችል ይሆናል" ያናጋዋል። በዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ተማሪ ዳርዊንን ጠቅሶ ሙግቱ በሙሉ ወደቀ ብሎ ይጽፋል። ዳርዊን ከአንደኛው እስከ አራተኛው ያሉትን አይነካቸውም፤ ነገሩ ለምን እንዳለ አልተናገረምና። አምስተኛውን ግን ጎን ለጎን ይነካዋል፤ የመጀመሪያ ሰው የሚባል የተለየ ነጥብ ላይኖር ይችላልና። ለዚህ ነው ቁጥሩን ጥራ የምንለው።

አሥረኛውን ብዙ አንቆይበትም፤ ጠባብ ግን ሹል ነው። ያስተውላል ማለት ይሰማል ማለት ነው? ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ መጸለዬንም ያውቃል፤ እስከዚህ ይከተላል። መስማት ማለት ደግሞ ልመናን ተቀብሎ መመለስ ከሆነ አይከተልም፤ የአርስጣጣሊስ አምላክ ያስባል፣ ልመና ግን አይቀበልም። ዘርዓ ያዕቆብ ከዚህ ክፍል ያገኘው ተስፋ ከመጀመሪያው መስማት ብቻ ይበልጣል። እዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ወረቀት ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ተማሪው ድምዳሜውን ከዋሻው ጥያቄ ጋር አገናኝቶ እንዳነበበ ይነግረኛልና።

በመሐል ሁልጊዜ አንድ ሰው የደራሲውን ጉዳይ ያነሣል፤ ማንሣቱም አይቀርምና እንነጋገርበት። ሐተታው ለዓለም የታወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ የካፑቺን መነኩሴ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለፈረንሳዊው ሰብሳቢ አንቷን ዳባዲ በላካቸው ቅጂዎች ነው፤ ቅጂዎቹ ዛሬ ፓሪስ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው መነኩሴው ራሱ ነው ብሎ ተከራከረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥራዞች የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው በሰፊው ተሟገቱ። ክርክሩ አሁንም አለ፤ ለታሪክ ጸሐፊ፣ ለግእዝ ሊቅም ትልቅ ጉዳይ ነው። ለዚህ ክፍል ሥራ ግን አንድም ቁጥር አይለውጥም። ስምንተኛው እርከን በ1667 አንድ የእንፍራንዝ ሊቅ ቢጽፈውም፣ በ1850ዎቹ አንድ መነኩሴ ቢጽፈውም የሸክላውን እሳት መመለስ አለበት። "መነኩሴ የፈጠረው ነው" ብሎ ሙግቱን የሚጥል፣ "የእኛ ሊቅ የጻፈው ነው" ብሎም የሚቀበለው፣ ሁለቱም ሳያነቡ ነው የፈረዱት።

ወረቀቱ ምን መምሰል አለበት ለሚል፤ ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ሙግቱ በቁጥር ይቀመጣል፤ ያልተነገሩት መነሻዎች በቅንፍ ተለይተው። መለኪያው አንድ ነው፤ ደራሲው ቢያነበው አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው ይላል ወይ? ካላለ ሁለተኛውን ገጽ አላነበውም። ሁለተኛው ገጽ አንድ እርከን ብቻ ይመርጣል፤ መቃወሚያውን ያቀርባል፣ ደራሲው ሊሰጥ የሚችለውን ምርጥ መልስ በቅንነት ይጽፋል፣ ከዚያ መልሱ ይበቃል አይበቃም ብሎ ይወስናል። ሦስት አራት እርከን በአንዴ የሚተች ወረቀት ብዙ የሠራ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አንዱንም አልጨረሰም። መልስ የሌለበት መቃወሚያም እንዲሁ፤ ተከሳሹ ያልቀረበበት ችሎት ነው።

የእኔን ፍርድ ለሚጠይቅ አንባቢ፦ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ያለው በተጠገነ መልኩ ከባድ ሙግት ነው፤ አራተኛው ቢነቀልም የሚቆምበት እግር ይቀረዋል። ስምንተኛው ግን በገጹ ላይ ባለው ብቻ አይቆምም፤ ዘጠነኛውና አሥረኛውም አብረውት ይንቀጠቀጣሉ። ደራሲው በዋሻው ለጠየቀው ጥያቄ የሚያስፈልጉት ደግሞ እነዚያው ናቸው። መጽሐፉ በእጃችሁ ካለ ከዚህ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ውሰዱ፤ ሰው ሁሉ የእኔ ሃይማኖት ትክክል ናት ሲል ፈራጅ ማን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅበትን። እርሳስ ያዙና መጀመሪያ ድምዳሜውን ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ተመለሱ።